የጉቱ መረቅ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ሲስተር አሰፋች አቦምሳ አጠገብ በተተከለው መጠለያ የሾርባውን ካሎሪ የምታሰላ ነርስ ነበረች። ሥጋውን፣ ድንቹን፣ ካሮቱንና ዘይቱን ከመቀቀሉ በፊት መዝና ትደምራለች፤ ድምሩን ለመቶ ኩባያ ታካፍላለች። ለአንድ ኩባያ ሁለት መቶ ይደርሳል። መረቁን ለብቻ አትደምርም፤ ውሃ ካሎሪ የለውም፣ ከሥጋው የወጣው ስብም ከሥጋው ጋር ተቆጥሯል። ሂሳቧ እንከን አይወጣለትም።

ከተጠለሉት እናቶች የአንዷ፣ የጠይባ ልጅ ጉቱ ግን በቀን አራት ኩባያ፣ ስምንት መቶ እየተጻፈለት፣ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ይቀልላል።

“ለመሆኑ ምኑን ነው የምትሰጪው?” አለቻት አሰፋች በንዴት።

“መረቁን ነዋ!” አለች ጠይባ ኮራ ብላ። “ስቡን ገፍፌ፣ ሥጋና ድንቹን ለእህቱ አውጥቼ። ለደካማ ይከብዳላ!”

አሰፋች ከጉቱ ኩባያ ቀመሰች። ጨውና ውሃ ነው፤ ሃያ ካሎሪ ቢሞላ ነው። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጠይባ ቀደመቻት።

“የመጣን ቀን እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ ሲስተር፣ ‘መረቁን አጠጪው፣ ያበረታዋል’ ያሉኝ?”

አሰፋች ጎንበስ ብላ ለእህቱ ከወጣው ድንች ጨፍልቃ በማንኪያ ወደ ጉቱ አፍ አስጠጋች። ልጁ ግን ከጠዋት ጀምሮ መረቁንም መዋጥ ትቷል።