ደርሶኛል፤ ግን አልተስማማሁም

ባለቤቴ ዲበኩሉ ወንጂ መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጥርም። የቤት ኪራይ መልቀቂያውንም የጻፈው እንደዚያው ነው።

«ቁጥር፦ ዲ/01። ቀን፦ መስከረም 24። ለወ/ሮ ዘርፉ፣ አዳማ። ጉዳዩ፦ ቤት ስለ መልቀቅ። በውላችን መሠረት የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ እየሰጠሁ፣ ጥቅምት 30 ቁልፍ ሳስረክብ በማስያዣነት የሰጠሁት ስምንት ሺህ ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለወ/ሮ ጂቱ።»

ጂቱ እኔ ነኝ። አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ግልባጩን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ።

ቸኩለን ነበር። መልካሳ ላይ ጓሮ ያለው ቤት አግኝተናል። ባለቤቱ አቶ ሮባ ግን ቁርጡን ነግሮናል፦ «እስከ ጥቅምት 30 ማስያዣ ካላመጣችሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» እኛ ደግሞ አከራያችን እትዬ ዘርፉ እጅ ካለው ገንዘብ ሌላ አልነበረንም። ስለዚህ ደብዳቤው ከመስከረም ማለቂያ በፊት በእጇ መግባት ነበረበት፤ መቀበሏንም ቅጂው ላይ መፈረም ነበረባት።

እትዬ ዘርፉ የምትኖረው እዚያው ግቢ፣ ከበራችን ዐሥር እርምጃ ርቃ ነው። ዲበኩሉ ኮቱን ለብሶ ሄደ።

«ምንድን ነው ጋሼ ዲበኩሉ? ሰው ሞተ?»

«ደብዳቤ ነው።»

«መነጽሬ ጠፍቷል።»

መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር። በማግስቱ ጸሎት ላይ ነኝ አለች። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና መለሰችለት።

«ማኅተም የለውም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አትቀበይ ያልከኝ ራስህ አይደለህም?»

እውነት ነው። እትዬ ዘርፉ የእድራችን ጸሐፊ ስትሆን ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«እሱኮ ለመሥሪያ ቤት ነው! እኔ ግለሰብ ነኝ፤ ማኅተም ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ተከራይስ ሞልቷል። ያንን ሁሉ የእድር ፋይል ከእኔ ጋር የሚያገላብጥልኝ ግን ማን ነው?»

ብሽቅ ብሎ ተመለሰ። «ጎረቤታችንን ኑሬን ምስክር አድርገህ ፊቱ ስጣት» አልኩት።

«ዘርፉን በምስክር? ክስ ሊመስል!» አለና ዘጋኝ። ከዚያ ግን ወረቀት አውጥቶ ሲጽፍ አመሸ።

መስከረም 28 እሑድ፣ የእድሩ ስብሰባ ነበር። እትዬ ዘርፉ ጠረጴዛዋ ላይ ቀለሟን፣ ማኅተሟንና መዝገቧን ደርድራ ተቀምጣለች። ዲበኩሉ ተሰለፈና ሁለት ገጽ ወረቀት አስቀመጠላት። የላይኛው ለእድሩ የተጻፈ ነው፦ ወደ መልካሳ ብንዛወርም አባልነታችን እንዲቀጥል። ከሥሩ አንድ አባሪ አለ።

እሱ ካስተማራት ነገር ሁሉ አንዷን በጣም ትወዳታለች፦ የገባ ወረቀት መጀመሪያ ማኅተም ይመታበታል፣ ይፈረማል፤ ከዚያ ይነበባል። አባሪም ቢሆን አይዘለልም።

ጧ! ፈረመች፤ ቀን ጻፈች። ገለጠች። ጧ! ፈረመች፤ ቀን ጻፈች።

ከዚያ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች።

«ዲበኩሉ!»

«አቤት።»

«ይሄ የእድር ማኅተም ነው! ለቤት ጉዳይ አይሠራም!»

«ማኅተሙን ተዪው። ፊርማው የማን ነው? ቀኑስ በማን እጅ ተጻፈ?»

ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። ኑሬ «እትዬ፣ ተማሪ ሆይ፣ መምህሩ በላሽ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ግን አልሳቀችም። ብዕሯን አንስታ ከፊርማዋ ሥር ጨመረች፦ «ደርሶኛል፤ ግን አልተስማማሁም።» ቅጂውን ወረወረችለት። እሱ አንስቶ አነበበውና «ይህም በሥርዓቱ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ሳቋ ያመለጣት።

ጥቅምት 30 ጠዋት ቤቱን ዞራ አየች፤ የመብራት ቆጣሪውን አነበበች፤ ሦስቱን ቁልፍ ቆጠረች። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ የሰጣትን ፖስታ አወጣች። ከአራት ዓመት በፊት ዲበኩሉ ራሱ «ማስያዣ» ብሎ የጻፈበት ነው፤ አልተከፈተም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገንዘቡ አቶ ሮባ እጅ ገባ።

ዲበኩሉ ዘንድሮ በግንቦት አረፈ። ማታ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ጠዋት አልተነሳም። እድሩ ድንኳኑን ጭኖ ከአዳማ መልካሳ ድረስ መጣ። እትዬ ዘርፉ አጠገቤ ቁጭ አለች። በሦስተኛው ቀን ፋይሉን አውጥቼ ያንን ቅጂ አሳየኋት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ያኔ ሠላሳ ቀን ሰጥቶኝም አልተስማማሁም» አለች። «አሁን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰጠን።»

ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ከፋይሉ አስገባችው፤ በቁጥሩ፣ በቦታው።