የነጭ አሳው ስብ

ሥራዬ የተረገመ ነው። ሰው በደስታ የሚበላውን ነገር ባሕር ዳር ባለው ላቦራቶሪያችን ፈጭቼ፣ ውስጡ ምን እንዳለ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወደኝ የለም።

ክረምቱ እንዳለፈ የጣናን አሳ እንድንመረምር ታዘዝን። ናሙናውን የሰጠኝ አሳ አስጋሪው ምናሴ ነው፤ የታናሽ እህቴ የባንቺአየሁ ባል። ባንቺአየሁ ስንት ጠበል ዞራ፣ ስንት ስለት ተስላ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

የአስጋሪ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ሆቴሎች የሚፈልጉት ለአንድ ሳህን የሚበቃውን ትንሹን አሳ፣ ቀረሶውን ነው። ትልቁ ነጭ አሳ እሾህ ስለሚበዛበት ዋጋ አያወጣም፣ ቤት ይገባል። ቤቱ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ትልቁና ስባሙ የእሷ ነው። ምናሴ እርግዝናዋን ከሰማ ወዲህ ይህን አንድም ቀን አላጓደለባትም። እኔም «ባል ማለት እንዲህ ነው!» እያልኩ ስቀልድበት ከረምኩ።

ውጤቱ ሲወጣ ማሽኑን ሰደብኩት። ናሙናውን ደግሜ አስገባሁት። ያው ነው። ዲዲቲ።

በማግስቱ እነሱ ቤት፣ ዘንዘልማ ሄድኩ። ምናሴ ደጅ ቁጭ ብሎ የአንድ ትልቅ ነጭ አሳ ቅርፊት ይፍቃል። ባንቺአየሁ እግሯን ዘርግታ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ተወው ይኸን አሳ» አልኩት።

«ምን ሆነና? ዛሬ የወጣ እኮ ነው፤ ዓይኑን አታየውም?»

«መርዝ አለበት። ለወባ ትንኝ ተብሎ ግድግዳ ላይ የሚረጨው፣ እናንተ ጫታችሁ ላይ የምትነሰንሱት ዱቄት።»

ምናሴ አቀረቀረ። ጫቱን የተከለው ልጅ ሲወለድ ማሳደጊያ ይሆናል ብሎ ነው። ዱቄቱን ገበያ ላይ በጣሳ ይሸጡለታል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይነሰንሳል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል።

«ይኸን የሚያህል ሐይቅ ጭብጥ ዱቄት ምን ያደርገዋል?» አለ።

«ውኃው ውስጥስ ከምንም አይቆጠርም። በአንድ ሊትር ያገኘሁት የሚሊግራም አንድ መቶ ሺኛ ነው። ግን ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ዓይን የማያየው ደቃቅ ሕይወት ይሰበስበዋል፤ እዚያ አምስት መቶ እጥፍ ሆነ። ያን ትንንሹ አሳ ይበላዋል። ምግቡ ይፈጫል፣ መርዙ ግን አይወጣም፣ ስብ ላይ ይጠራቀማል። አሥር እጥፍ ጨመረ። ትልቁ ነጭ አሳ ደግሞ እነዚያን ዕድሜውን ሙሉ ሲውጥ ይኖራል። እንደገና ስምንት እጥፍ።»

አሳ ስትሸጥ የኖረችው ባንቺአየሁ ሒሳብ አይከብዳትም። «አምስት መቶ በአሥር አምስት ሺ። በስምንት...» አለችና ቆመች። «አርባ ሺ።»

«አርባ ሺ። በኪሎ ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊግራም። አንድ ኪሎ ስትበዪ በመርዙ መጠን አርባ ሺ ሊትር የሐይቅ ውኃ እንደ ጠጣሽ ነው። በቀን ሁለት ሁለት ሊትር ቢጠጣ፣ ለመጨረስ ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል።»

«እኔ ገና ሠላሳዬን አልደፈንሁ» አለች።

አሳውን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ብቀቅለውስ?»

«አይጠፋም።»

«በሎሚ ባጥበውስ?»

«አይለቅም።»

«እሽ፣ የበላሁት በላሁ። ከእኔስ እንዴት ይወጣል?»

«ቀስ እያለ፣ በብዙ ዓመት።»

«ቶሎ የሚወጣበት የለም?»

እህቴ ናት፣ ፊቴን ታውቀዋለች።

«ተናገር እንጅ ጋሼ!»

«ከሴት ገላ በብዛት የሚወጣው ከጡት ወተቷ ስብ ጋር ነው» አልኳት። «የበለጠውን የሚወስደው የመጀመሪያው ልጅ ነው።»

ምናሴ ቢላውንና አሳውን ወደ ጎን ገፋቸው። ባንቺአየሁ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ቸኩዬ ሐኪም መጠየቄን፣ አጥቢው እንደሚሉ፣ የጡት ወተት ጥቅሙ እንደሚያመዝን፣ ጡጦ የሚያመጣው በሽታ እንደሚብስ ነገርኳት። የነገርኳት ሁሉ እውነት ነው። እውነቱን ጠላሁት፤ ራሴንም ጠላሁ።

ምናሴ ጫቱን ነቀለው። የጎረቤቶቹ ግን እንደቆመ ነው። ሪፖርቴን የተቀበሉት አለቆች አመስግነውኝ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የሐይቁ ጭቃ ውስጥ የገባው መርዝ ደግሞ እኛ ሞተንም አያልቅም።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጤነኛ ናት፣ አደይ አሏት። አራስ ልጠይቅ ስሄድ ባንቺአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታጠባለች። ተጎንብሼ የእህቴን ግንባር ሳምኩ። ዞራ እንኳ አላየችኝም።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ዛሬ ከእኔ ስንት ቀነሰ?»

ቁጥር መናገር ሥራዬ ነው። የአደይን መጠቅለያ ብቻ አስተካከልኩ። አደይ ዓይኗን ጨፍና፣ በትንሿ እጇ የእናቷን ጡት ይዛ ትስባለች።