የጋሼ ፍሬን ፊርማ

አናጢው አውቶቡሱን ሲያይ ከመብራት ምሰሶ ጀርባ መደበቅ ጀምሯል። ምሰሶው ቀጭን፣ አናጢው ደግሞ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነውና ከግራም ከቀኝም ተርፎ ይታያል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ከመሪው ላይ ሆኖ እያየ፣ «አይ የኔ አማች፣ መደበቅ እንኳን አልተማረም» እያለ ያልፈዋል።

ሾፌሩን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሼ ፍሬን» ነው የሚለው። ከሩቅ መብራት ሲያይ ገና አረንጓዴ ሳለ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በኑሮውም እንደዚያው ነው። በዕድሜው አንዴ ብቻ ሳይጠነቀቅ ሄደ፤ እህቱ ስታለቅስበት ባሏ የእንጨት መላጊያ ማሽን እንዲገዛ ለብድሩ ዋስ ሆነ። ማሽኑ መያዣ፣ የሾፌሩ ደመወዝ ዋስትና ሆኖ ተፈረመ። ያኔ አናጢው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ «ጋሼ፣ አላሳፍርህም» ብሎት ነበር።

የአበዳሪው ተቋም ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ የደረሰው ሰኞ ዕለት ነው። ተበዳሪው ሦስት ወር ስላልከፈለ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከዋሱ ደመወዝ ተቆርጦ ገቢ እንዲሆን ይላል። ጋሼ ፍሬን ደሙ ፈላ። ያ ደመወዝ የልጁ የነርስነት ትምህርት ክፍያ ነው፤ ልጅቷ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። አሁን ብታቋርጥ ምን ብሎ ነው ዓይኗን የሚያየው?

በዕረፍት ቀኑ በቀጥታ ወደ አናጢው እንጨት ቤት ሄደ። ስድቡን መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ጨርሷል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን አራት ሰዎች መላጊያውን እያቃሰቱ ጭነት መኪና ላይ ሊያወጡት ሲታገሉ አገኘ።

«አውርዱት!» ብሎ ጮኸ። በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

አናጢው አመዱ ቡን አለ። «ጋሼ፣ ለአንተ ብዬ ነው። ሞተሩ ተቃጠለብኝ፤ ሥራው ቆመ። ልሽጠውና ውዝፉን ልክፈልልህ፤ ደመወዝህን እንዳይነኩብህ።»

«የማን ማሽን ነው የምትሸጠው? መያዣ እኮ ነው! አበዳሪው ሳይፈቅድ ብትሸጠው አንተ ትከሰሳለህ። የሦስት ወሩን ከፍለህስ፣ የቀረውን ዕዳ በምን ልትከፍለው? በእጅ መላጊያ? ያኔ ሙሉው የሚወድቀው በእኔ ጫንቃ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከፍዬ በምትኩ ልይዘው የምችለው ዕቃ አይኖርም። ልታድነኝ ብለህ ልትቀብረኝ ነው እንዴ?»

አናጢው መጋዝ ብናኙ ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ጋሼ ፍሬን ያዘጋጀው ስድብ ሁሉ አፉ ውስጥ ቀረ። አዘነለት፤ ተናደደበትም። ማሽኑን ሊገዛ የመጣው ሰው መላጊያውን አስወርዶ፣ ቀብዱን መልሶ ተቀብሎ እያጉረመረመ ሄደ።

«የተቃጠለውን የሞተሩን ሽቦ እንደገና ለማስጠምጠም ስንት ጠየቁህ?»

አናጢው ነገረው። የአንድ ወር ክፍያ እንኳን አይሞላም።

«ለዚህ ነው ከምሰሶ ጋር ስትጣበቅ የከረምከው?»

«አፈርኩ ጋሼ። አይተኸኝ ነበር እንዴ?»

«አውቶቡሱ ሙሉ ነው ያየህ።»

በማግስቱ ተያይዘው ወደ ብድር ተቋሙ ሄዱ። የብድር ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ውሉን ገለጠች። «ውሉ ላይ ዋሱ ከተበዳሪው እኩል ተጠያቂ ነው፤ ማሽኑን ሳንሸጥም ደመወዝዎን መጠየቅ እንችላለን» አለች። «ሞተሩ ከተሠራ ግን ክፍያውን አሳንሰን፣ ጊዜውን በአንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል። የደመወዙ ደብዳቤም ይነሳል። ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ደብዳቤም አይጻፍም ነበር።»

አናጢው ፊቱ በራ።

«ብቻ» አለች ወደ ሾፌሩ ዞራ፣ «ያለ እርስዎ ፈቃድ አላራዝምም። ከፈረሙ አንድ ዓመት ተጨማሪ ዋስ ነዎት፤ ዳግም ካልከፈለ ወደ እርስዎ ነው የምንመጣው። ይህን አውቀው ይፈርሙ።»

ጋሼ ፍሬን እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ልጁን አሰበ። ቀጥሎ አማቹን አየ፤ ዛሬ የሚደበቅበት ምሰሶ የለም፤ ዓይኑን ሳይሰብር ያየዋል።

«አንድ ነገር ቃል ግባልኝ» አለው። «ማሽኑ ቢሰበር፣ ሥራ ቢጠፋ፣ በመጀመሪያው ቀን ለእኔ ትነግረኛለህ። በየወሩም የከፈልክበትን ደረሰኝ አምጥተህ ታሳየኛለህ።»

«በልጆቼ እምላለሁ ጋሼ።»

ፈረመ። ፊርማው ያው የድሮው ነው። ሲወጡም ለሞተሩ ማስጠምጠሚያ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው፤ «ይህኛው ዋስ የለውም፤ ለእህቴ ነው የምትመልሰው» አለው።

ከወር በኋላ አውቶቡሱ ወደ እንጨት ቤቱ ፌርማታ ሲቃረብ መላጊያው ሲያጓራ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። አናጢው ጸጉሩ በብናኝ ነጭ ሆኖ ከምሰሶው ፊት ወጥቶ ቆሟል፤ እጁን እያውለበለበ። በፊተኛው በር ገባና የብድር ተቋሙን ደረሰኝ ከሾፌሩ ዓይን ሥር ዘረጋ።

ጋሼ ፍሬን ማህተሙን አየ፣ ቀኑን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም» አለ። «አሁን የአውቶቡሱን ክፈል።»