የጎደለችው አሥራ ሰባት ብር

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ይህ ብዕር እጄ ላይ ይድረቅ።

በ1962 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ቀን ዲላ ከሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በንብረት ክፍል ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ለቦታው ሦስት መቶ ሰው ተወዳድሮ ነበር፤ ግማሹ ፈተናውን ትቶ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ሲያይ ዋለ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ ደመወዜ በአኃዝም በፊደልም ሰፍሯል፦ መቶ ሃምሳ ብር። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ በከተማው ሳልፍ ከይርጋጨፌ ቡና ጭነው የመጡ መኪኖች መንገድ ይለቁልኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልኬ ቆንጅትን ጠየቅሁ። ቆንጅት የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ አባቷ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ዝምታቸው የሚያስፈራ የጨርቅ ነጋዴ። ሽማግሌዎቹ የሰጧቸውን ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብበው መለሱና ተከትዬ የመጣሁትን እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ጥሎሽ አልጠይቅህም። የመጀመሪያ ወር ደመወዝህን ሳትነካ አምጥተህ እፊቴ ቁጠር። ወስጄ አልበላውም፤ በመንገድ ላይ መጠጥ ቤት የማይጠራው ሰው መሆንህን ልይ ብዬ ነው።»

«መቶ ሃምሳውን እንዳለ ያገኙታል» አልኩ። ሽማግሌዎቹም ሰሙ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ገንዘብ ያዣችን አቶ ተክለማርያም የደመወዝ መዝገቡን ገልጠው በስሜ ትይዩ «እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ። ቆጠርኩ። መቶ ሠላሳ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም ያው ነው።

«አቶ ተክለማርያም፣ አሥራ ሰባት ብር ጎድሏል።»

«አልጎደለም። ተቆርጧል።»

«ማን ቆረጠው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ጥያቄ ከአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ሲሰሙት የኖሩ ናቸው። «ይኸውልህ፣ ይኼኛው ዓምድ ጠቅላላ ደመወዝህ ነው፤ መቶ ሃምሳ። ደብዳቤህ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። ቀጥሎ የሥራ ግብር፣ አሥራ አንድ ብር። ከዚያ ጡረታ፣ ከመቶ አራት፣ ስድስት ብር። መጨረሻ ላይ ያለው የተጣራው ነው፤ እጅህ የሚገባው።»

«ጡረታ? እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም።»

«ስታረጅ ታመሰግነናለህ። መንግሥትም ከራሱ ከመቶ ስድስት ይጨምርልሃል።»

«እሱን አሁን ይስጠኝ።»

«ጉግሳ፣ ከኋላህ ሰው ቆሟል።»

«ታዲያ ደብዳቤው ላይ ለምን መቶ ሃምሳ ብላችሁ ጻፋችሁ?»

«ደመወዝህ መቶ ሃምሳ ስለሆነ ነዋ።»

ያገኘሁት ገንዘብ ነው፣ ግን ለአንዲት ደቂቃም እጄ ላይ አላረፈም። አሥራ ሰባት ብር ይዘህ መጠጥ ቤት ብትገባ መንደሩን ሁሉ አጠጥተህ መልስ ይተርፍሃል፤ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስም የሚያስቡት ይህንኑ ነው። እምላለሁ፣ ለአንድ ጠብታ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። ግን ማን ያምነኛል? መቆረጡን የሚገልጽ ወረቀት ጻፉልኝ ብላቸው አቶ ተክለማርያም «ጸሐፊያችን ጨለለቅቱ ከተማ ሄዷል፣ ሰኞ ና» አሉኝ። ከአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር ያለኝ ቀጠሮ ደግሞ የዚያኑ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አሥራ ሰባት ብር ተበድሮ ይሞላ ነበር። እኔ ጉግሳ ነኝ። መዝገቡን፣ ሁለት ሰው የማያነሣውን መዝገብ፣ ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁና በአንድ ትከሻዬ ተሸከምኩት። አቶ ተክለማርያምን በሌላው እጄ ይዤ በገበያው መሀል አቋርጬ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ቤት ገባሁ። መቶ ሠላሳ ሦስቱን ቆጥሬ አስቀመጥኩ፤ መዝገቡን ገልጬ ጠቅላላውንና የተጣራውን፣ ግብሩንና ጡረታውን አንድ በአንድ አስረዳሁ። እኒያ ዝምተኛ ሰው ተነሥተው ግንባሬን ሳሙ። «ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ ሒሳብ አዋቂ አላየሁም» አሉ። ነገሩ እስከ ኮንጋና ዱመርሶ መንደሮች ድረስ ተወራ።

እዚህ ላይ ስደርስ ቆንጅት፣ ያኔ የተጠየቀችው የዛሬ ባለቤቴ፣ የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ትታ ከትከሻዬ በላይ ስታነብ አየኋት።

«መዝገቡ እኛ ቤት አልመጣም» አለች ቀስ ብላ። «አቶ ተክለማርያምም አልመጡም። አንተ መቶ ሃምሳ ቆጥረህ ሰጠህ፤ ላብህ ገንዘቡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።»

«መቶ ሠላሳ ሦስት ነው እንጂ።»

«አሥራ ሰባቱን በጓሮ በር የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ከራሴ ደመወዝ፣ ከተጣራው።» ወደ ደብተሮቿ ተመለሰች። «አባዬ ደግሞ የእኔ ሲቆረጥ በየወሩ ያይ ነበር። ከመቶ ሃምሳ ስንት እንደሚደርስህ ሳትመጣም ያውቅ ነበር። አንተ ከወጣህ በኋላ "አሥራ ሰባቱ ያንቺ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "አዎ" አልኩት። እሱም በነጋታው ለሽማግሌዎቹ እሺታውን ላከ።»