የሰው አሮጊት

ልጅቷ የልምምድ ጽሑፏን ለመምህሯ ካስረከበች ወዲህ አንዲት አሮጊት በሕልሟ ትመጣባታለች። አሮጊቷ አልጋ ላይ ጋደም እንዳለች እጇን ትዘረጋላታለች፤ እጇ እንደ ማለዳ አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው። ልጅቷ ግን እንዲህ ያለች በሽተኛ አስታማ አታውቅም። አሮጊቷ የእህቷ በሽተኛ ነበረች።

ልጅቷ የነርስ ተማሪ ናት። ከሆስፒታል ልምምድ በኋላ ተማሪ ሁሉ አንድ በሽተኛ ሲንከባከብ ያየውን፣ የተሰማውንና የተማረውን አሰላስሎ ይጽፋል። የእሷ በሽተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ዝምተኛ ሰው ነበር።

"ምን ልጻፍ? ከድንጋይ ውሃ ልጭመቅ?" ብላ ብታማርር፣ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ በተማሪነቷ የጻፈችውን አውጥታ ሰጠቻት።

"ሚጣዬ፣ አካሄዱን ብቻ እዪው። እንዳትገለብጪ!"

"ምን በወጣኝ፣ እትዬ!"

መጀመሪያ አካሄዱን አየች። ቀጥላ አንድ ዓረፍተ ነገር ወሰደችና "ፈራሁ" የሚለውን "ልቤ ራደ" አለችው። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። ፍርሃቱ፣ ጸጸቱ፣ የተገኘው ትምህርት በነበሩበት ተራ ቀሩ። የቀየረችው ልብሱን እንጂ ገላውን አልነበረም፤ የእህቷንም ጽሑፍ በምንጭነት አልጠቀሰችም።

መምህሯ ቢሮ ሲያስጠሯት ተያዝኩ ብላ ሄደች። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

"ኩረጃ የሚፈትሸው ሶፍትዌር ያገኘው ተመሳሳይነት ኢምንት ነው፣ እሱም የማጣቀሻው ዝርዝር ነው። ጽሑፍሽን ለአዲሶቹ ተማሪዎች ላነብላቸው አስቤአለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ የአሮጊቷን እጅ ስትይዢ ወዴት ታዪ ነበር?"

"ወደ መስኮቱ" አለች ሳታስብ። "ዝናብ ይዘንብ ነበር።"

ዝናብ በእህቷ ጽሑፍ ውስጥ የለም። እሷ ግን መስታወቱን ሲመታ ሰማችው፤ ያ ቀዝቃዛ እጅም መዳፏ ውስጥ ነበር። ውሸት አልመስል አላት፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። የራሷን በሽተኛ ልታስታውስ ሞከረች። የመጣላት አንሶላ የለበሰ ጀርባ ብቻ ነው።

"የእኔ አይደለችም።"

"ማን?"

"አሮጊቷ። ከእህቴ ጽሑፍ ነው የወሰድኳት። ቃሉን ነው የለወጥኩት። እሷ አትገልብጪ ብላኝ ነበር።"

መምህሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

"ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር። ያ ማሽን ቃል ያመሳክራል እንጂ ማን አየው፣ ማን አሰበው ብሎ አይጠይቅም። ቃል መለወጥ የሰውን ሐሳብ ያንቺ አያደርገውም፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

"ዜሮ ነው የምሰጥሽ። ጉዳዩም ለትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ይቀርባል። ራስሽ መናገርሽን እጽፋለሁ፤ ዜሮውን ግን አያነሳልሽም።"

ራሷን ነቀነቀች። የመስኮቱ ዝናብ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ።

"ያንቺስ በሽተኛ?" አሉ መምህሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ምን ዓይነት ሰው ነበር?"



"አጠገቡ ተቀምጬ ስለ እሱ ምን እንደምጽፍ ሳስብ ነበር የምውለው" አለች። "እሱን አላየሁትም።"