አባዬ ያስተማረኝ እንግሊዝኛ

አርባ ምንጭ ውስጥ አባቴ ካሱ እንግሊዝኛ ያላስተማረው ሰው ጥቂት ነው። ዘዴው አንድ ነበር፦ መጀመሪያ በአማርኛ አስብ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በእንግሊዝኛ ለውጥ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናትም አስተማሪም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ እንግሊዝኛውንም ከእጁ ጎረስኩ።

ማትሪክ አልመጣልኝም፤ ቤት መቀመጥም አንገሽግሾኝ ነበር። ጫኖ ላይ የመስኖ ሥራ የሚሠራ የውጭ ድርጅት አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ስንሰማ፣ አባዬ ከእኔ ይበልጥ ተንሰፈሰፈ። “አርሴማ፣ አንቺ ካላለፍሽ ማን ሊያልፍ ነው?” እያለ ጠዋት ማታ አለማመደኝ።

ፈታኟ ፈረንጅ ማን እንዳሳደገኝ ጠየቀችኝ። “ማይ ፋዘር ሜድ ሚ ቢግ” አልኳት ኮራ ብዬ። ጥቂት ግራ ገባትና፣ “ኦ፣ ሂ ብሮት ዩ አፕ” አለች። ቀጥሎ ጋሽ ኦይታ የሚባሉ የጫኖ ገበሬ ተናገሩ፤ እኔ መተርጎም ነበረብኝ።

“ሙዛችንን ጎርፍ ወሰደው። ግን ተስፋ አልቆረጥንም።”

“ዊ ዲድ ኖት ከት ሆፕ” አልኩ። ተስፋን በመቀስ! ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ከእኔ ቀጥላ የገባችው ሰብለ ያንኑ “ዊ ሃቭንት ጊቭን አፕ” ስትለው በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ከሚሲዮን ልጆች ጋር እየተጫወተች ስላደገች ቃሎቹን የለመደቻቸው እንደተጣመሩ ነው። ሥራው የእሷ ሆነ። ፈታኟ ክፉ አልነበረችም፤ ስትሸኘኝ ቃሎቼ እንግሊዝኛ መሆናቸውን፣ አገጣጠማቸው ግን የአማርኛ መሆኑን ነገረችኝ። ነደደኝ፤ የነደደኝ እውነቷን ስለሆነ ነው።

ለአባዬ “ሞተር ሳይክል የሚነዳ ነው የፈለጉት” አልኩት።

“ሞተር ሳይክልና እንግሊዝኛን ምን አገናኛቸው!” ብሎ ሲራገም ቆየና ታናሽ እህቴን ብሩክታዊትን ጠራት። “ነይ፣ አንቺ ደግሞ ተዘጋጂ። ‘አባቴ አሳደገኝ’ በእንግሊዝኛ?”

“ማይ ፋዘር ሜድ ሚ ቢግ” አለች፤ ጎበዝ ናት።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። “አባዬ፣ እንደሱ አይባልም።”

“ታዲያ ምን ይባላል?”

“ዩ ብሮት ሚ አፕ።”

“ብሪንግ ማምጣት ነው፤ አፕ ወደ ላይ ነው። ማሳደግ የታለ?”

“ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ማሳደግ የሚሆኑት። ከነጣጠልካቸው አታገኘውም። ተስፋ መቁረጥም ከት አይደለም፤ ጊቭ አፕ ነው።”

የሞተር ሳይክሉ ነገር ውሸት መሆኑ እንደገባው ከፊቱ አወቅሁ።

“በእኔ ነው የወደቅሽው” አለ።

አይደለም ልለው ፈልጌ እጁን ያዝኩት፤ አለቀስኩ። እሱ ግን እያየ ያለው እኔን አልነበረም።

“ጨንቻ፣ ምዕራብ ዓባያ፣ ተማሪዎቼ የሌሉበት የለም” አለ ቀስ ብሎ። “ካስተማርኳቸው ስንቱ አስተማሪ ሆኗል እኮ፣ አርሴማ። አሁን ክፍል ውስጥ ናቸው።”