አርብ ከሰዓት በኋላ ጠይቀኝ

ወንድሜ ለችግር ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ ስልክ ማጥፋት። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ በዚያ በሚሽከረከር ወንበሩ ተቀምጦ ስልኩን የጠረጴዛው ጫፍ ድረስ ገፍቶታል።

«አርብ እስኪያልፍ አላበራውም» አለኝ።

«ከአርብ በኋላ ቅዳሜ የሚባል ቀን አለ። ነግረውህ ያውቃሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አራት ሰፊዎች ያሉበት የልብስ ስፌት ቤት አለን። ጨርቅ የምንወስደው ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነው። ጨርቅ መለኪያው ከእጁ ስለማይለይ ሜትሮ እንለዋለን፤ በሌለበት ማለቴ ነው፣ በፊቱማ ጋሼ ነው። በዱቤ ይሰጠናል፣ በሰላሳ ቀን እንከፍላለን። ሦስት ዓመት በሰላም ኖርን። ከዚያ ወንድሜ ከረባት አሰረ።

ካርድም አሳተመ፤ «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል። ምክትል የለውም፣ ከማን በልጦ ዋና እንደሆነ እንጃ። በዚያ ካርድ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ገብቶ የደንብ ልብስ ልንሰፋ ተዋዋለ። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ከተረከበ በስድሳ ቀን ነው። ለመስፋት ሃያ ቀን ይፈጃል። ሃያና ስድሳ ሰማንያ፤ የጨርቁ ሂሳብ ግን በሰላሳ ቀን ይፈለጋል። መሃል ያለውን ሃምሳ ቀን በምን ልንሞላው እንዳሰበ ስጠይቀው «በዕድገት» አለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

አርብ ለሜትሮ ስድስት መቶ ሺህ እንከፍላለን። ባንክ ያለን ሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ነው፤ ከእሱም ሰማንያው የሰፊዎቹ ደመወዝ ነው። ሜትሮ ፊቱን ካዞረብን ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ዙር ደንብ ልብስ ብናስረክብም፣ ሁለተኛው አይሰፋም። ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ያንኑ ሰማያዊ ነው፣ ያ ሰማያዊ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ውሉ ፈረሰ ማለት አሥራ አራት ሴቶች ቤታቸው ገቡ ማለት ነው። ወንድሜማ ምን ይሆናል? ካርዱን ይዞ ሌላ ቦታ ዋና ይሆናል።

«ደብዳቤ ጽፌያለሁ» አለኝና አነበበልኝ። «ውድ አጋራችን፣ ከቁጥጥራችን ውጪ በሆነ ጊዜያዊ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መጓተት ምክንያት...»

«ሰውዬው ገንዘቡን ነው የሚፈልገው፣ የአየር ጠባይ ዘገባ አይደለም።»

«እሺ ቼክ እንስጠው። አርብ ብለን እንጻፍና ባንክ እስኪወስደው...»

«ደረቅ ቼክ? እስር ቤት ስንቅ የማመላልስልህ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል።»

«አጎታችን ሞተ እንበለው።»

«አጎታችንን ባለፈው ዓመት ለዚፕ ነጋዴው ገድለኸዋል።»

ከረባቱን ነካካ። ከረባቱን ሲነካካ ነው የምፈራው። ጥግ ላይ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ የቆሙትን አሥር ጥቅል ጨርቆች በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። ቅዳሜ ዕለት ከባለመስታወቱ ያመጣቸው ናቸው። ባለመስታወቱ ማለት ከሜትሮ ሱቅ ሁለት መንገድ አልፎ ያለ፣ ፊት ለፊቱ መስታወት የሆነ ሱቅ ያለው ሌላ ጨርቅ ነጋዴ ነው። «በርካሽ ነው፣ ሰባ አምስት ሺህ ብቻ፣ ከባንክ አውጥቼ ከፈልኩ» ብሎኝ ነበር። የአንዱ ጥቅል ዋጋ አሥራ አምስት ሺህ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥሩ በግማሽ ዋጋ! ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ላስቲኩን ገልጬ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ እንደሚያደላ ሳይ «የማይረባ ስለሆነ ነው የረከሰው» ብዬ ሳቅሁበትና አለፍኩት። መሳቅ ስወድ ማሰብ እረሳለሁ።

አንድ ወረቀት ወሰድኩ። የሚገባውንና የሚወጣውን ከነቀኑ ጻፍኩ፤ አርብ መቶ ሃምሳ ሺህ እንከፍላለን፣ ከአርብ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከችርቻሮ ሸሚዞች ከሚገባው መቶ ሺህ፣ የቀረውን ሦስት መቶ ሃምሳ ትምህርት ቤቱ ከከፈለ በኋላ፣ በሃምሳ አምስተኛው ቀን። አምስት ቀን የጨመርኩት የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ሲፈርም እጁ ስለሚከብደው ነው። የትምህርት ቤቱን የርክክብ ወረቀት ቅጂም አያያዝኩ።

«ቀኑ ሳያልፍ ሄደን ፊቱ እንነግረዋለን» አልኩት። «ተነስ። ከረባቱን ፍታ።»

ከረባቱን አልፈታም።

የሜትሮ ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው፤ ጥቅሎቹ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ለደንበኛ ወንበር የለም። «የተቀመጠ ሰው ወሬ ያበዛል» ይላል። የጥቅል ማሰሪያ ሲባጎ እንኳ አይጥልም፤ እየፈታ በኪሱ ይጠቀልለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችን የሳቅነው በእሱ ሲባጎ ነው፤ እኔም በዋናነት።

ወንድሜ ካርዱን ባንኮው ላይ አኖረና «ጋሼ፣ እኛ እንደ ኩባንያ ለግንኙነታችን ትልቅ ዋጋ...» ሲል ሜትሮ ጨርቅ መለካቱን አላቋረጠም። «አሥራ አንድ... አሥራ ሁለት...» ወንድሜም በቁጥሩ መሃል እየገባ ሲያወራ፣ ሽማግሌው «ተሳሳትኩ» ብሎ ከአንድ ጀመረ። እስከ ዛሬ ድረስ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል።

«ጋሼ» አልኩ፣ «አርብ ስድስት መቶውን መክፈል አንችልም። ቀኑ ሳይደርስ ይወቁት ብዬ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በስድሳ ቀን ለሚከፍል ሰው በሰላሳ ቀን ጨርቅ ወሰድን።» ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

መለኪያውን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ።

«ርክክቡን የፈረመው ማን ነው?»

«የንብረት ክፍል ኃላፊው። ማኅተሙ ይኸው።»

«በሃምሳኛው ቀን ባይከፍሉሽስ?»

«በዚያው ቀን እደውልልዎታለሁ፤ ከችርቻሮው የገባውን ይዤ እመጣለሁ። የሰፊዎቹን ደመወዝ ግን አልነካም። እነሱ ከሄዱ ለእርስዎ የሚከፍል የለም።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሌላስ?»

«ለሁለተኛው ዙር ያንኑ ሰማያዊ ስምንት ጥቅል እንፈልጋለን።»

«ሌላስ?»

ወንድሜ በእግሩ እግሬን ነካኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። «ቅዳሜ ከባለመስታወቱ አሥር ጥቅል ገዝተናል» አልኩ፣ «በጥሬ ገንዘብ። የእርስዎን ዕዳ ይዘን ለሌላ መክፈላችን ነውር ነው።»

ወረቀቱን ዳግም ከላይ እስከ ታች አነበበ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጋሼ።»

«ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ጎዶሎ ነው» አለኝ ድምፁን ሳይቀይር። «አምስቱ በጥሬ ገንዘብ ነው። አምስቱ በዱቤ፣ በሦስት ሳምንት። ሰባ አምስት ሺህ። ባለመስታወቱ ከመስጠቱ በፊት ደውሎ ጠይቆኛል፤ ‹እነዚህ ሰዎች ይታመናሉ?› አለኝ። ‹በሦስት ዓመት አንድ ቀን አላሳለፉብኝም፤ ሴትየዋ ወረቀት ላይ የጻፈችው ይፈጸማል› አልኩት። ያንን ቃሌን ይዞ ነው የሰጣችሁ።»

ወንድሜን አየሁት። ከረባቱን ያስተካክላል። ምነው ያን ጊዜ አጥብቄለት ቢሆን!

አፈርኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲባጎ ይቆጥባል ብዬ የሳቅሁበት ሰው ስሙን በተፎካካሪው ፊት በነጻ አበድሮኛል፤ እኔ ደግሞ ባጸፋው የውሸት ወረቀት አቀረብኩለት። አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር። ግን ሂሳብ ያዥዋ እኔ ነኝ፤ ካላወቅኩ ምን እሠራለሁ?

«እስክሪብቶ ያውሱኝ» አልኩት። ሰባ አምስቱን በቀኑ አስገባሁ፣ የአሥራ አምስተኛውን ቀን መቶ ሺህ ሰርዤ ሃያ አምስት አደረግኩ፣ የመጨረሻውን አራት መቶ ሃያ አምስት። «እውነተኛው ይሄ ነው። ጥቅሎቹ ግን አልተቆረጡም፤ ላስቲኩ እንዳለ ነው። ዛሬውኑ የዱቤዎቹን አምስቱን ልመልስለት። ከተቀበለኝ መቶው በቦታው ይመለሳል።»

የወንድሜን ካርድ ገልብጦ በጀርባው ሦስቱን ቀኖች ከነገንዘቡ ጻፈና ሰጠኝ። «አርብ መቶ ሃምሳው ሲገባ አራት ጥቅል ትወስጃለሽ። ሁለተኛው ክፍያ ሲገባ አራቱን። የነሱ ሂሳብ ከመጨረሻው ጋር። ቀኑ የሚያልፍ ከመሰለሽ ቀድመሽ ደውዪ፤ አንቺ።» ወደ ወንድሜ እንኳ አላየም።

ውጪ ስንወጣ ወንድሜ እጁን አፋተገ። «አየሽ! ተሳካልን!»

«አንድ ቃል ተናገርና ምላስህን ቆርጬ ሁለተኛውን በእጅ ምልክት ታወራለህ» አልኩት።

በዚያው ከሰዓት አምስቱን ጥቅል አስጭኜ ባለመስታወቱ ጋ ሄድኩ። እሱ ጋ ወንበር አለ፣ ትራስ ያለው። ላስቲኩን ገለጥ አድርጎ አየ፣ አፍንጫውን ነፋ። «ዕቃውን እቀበላለሁ፣ አዲስ ስለሆነ። የከፈላችሁት ግን አይመለስም።»

«አልጠየቅኩም። አምስቱን በችርቻሮ እንሰፋቸዋለን።»

የዱቤውን ወረቀት ፊቴ ከቀደደ በኋላ ምን ሰይጣን እንደነካው እንጃ፣ ስልኩን አወጣና በድምፅ ማጉያው ሜትሮ ጋ ደወለ። «ጋሼ፣ ደንበኞችህ ዕቃ መመለስ ጀመሩ እኮ! አሁንስ ይታመናሉ?» ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ፈገግታው ጆሮው ደርሷል። ሁለት ሻጮችም ቆመው ይሰማሉ።

ስልኩ ውስጥ የጨርቅ መለኪያው ብረት ባንኮ ሲነካ ተሰማ።

«አርብ ከሰዓት በኋላ ጠይቀኝ» አለና ዘጋው።

ተሰደብኩ ብል ይሻል ነበር። አይ፣ ተሰድቤስ አላውቅም? ለምጄዋለሁ። ይሄኛው ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። ረቡዕ ወንድሜ «ከመቶ ሃምሳው ሃያ ሺህ ብቻ ለሁለት ቀን...» ብሎ ጀመረ። የባንክ ደብተሩን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት፤ እስከ አርብም አላወጣሁትም።

አርብ ባንክ ሲከፈት ቀድሜ ቆሜያለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሜትሮ ሱቅ ነበርኩ። አላመሰገነኝም፣ ለምን ያመስግነኝ? ገንዘቡ የራሱ ነው። ቆጠረ፣ ዳግም ቆጠረ፣ ደረሰኝ ጻፈልኝ። አራቱን ጥቅል አወረዱልኝ፤ ያው የኛ ሰማያዊ ነው። በራሱ እጅ፣ ከኪሱ ባወጣው ሲባጎ አሰራቸው።

ላነሳቸው ስል «ቆይ» አለኝ። ስልኩን አወጣ፣ ቁጥር ፈለገ፣ እንደ ባለመስታወቱ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ።

«አቤት ጋሼ?» አለ ባለመስታወቱ።

«ገና ጠዋት ነው፣ አውቃለሁ» አለ ሜትሮ፣ «ግን አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ነበር። ጠይቀኝ።»